5.0፣ 4.5 ወይስ 4.4? ኮከቡን ትታችሁ የሪቪው ብዛቱንና ስርጭቱን እንዴት እንደምታነጻጽሩ

ፓወር ባንክ ልገዛ ኦንላይን ገብቼ ስመርጥ ስመርጥ መጨረሻ ላይ ሦስት ቀሩኝ። የባትሪ አቅማቸው እኩል ነው፣ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው፣ የሚለያቸው ኮከቡ ብቻ ነበር። አንደኛው 5.0፣ ሁለተኛው 4.5፣ ሦስተኛው 4.4። እዚህ ጋ ስንደርስ አብዛኞቻችን ከላይ ወደ ታች ነው የምናየው፣ 5.0 እያለ 4.4 ምን ብዬ እገዛለሁ እንላለን። እኔም እንደዛ ነበር የምገዛው፣ አንዴ 4.9 የሚል ቻርጀር ገዝቼ በሁለት ወሩ ሞተብኝና ተመልሼ ገጹን ሳየው ያ 4.9 የመጣው ከ11 ሰው ብቻ ነበር፣ ከዛ በኋላ የገቡት ሰዎች ደግሞ ወደ 3.6 አውርደውታል። ማለትም እኔ የገዛሁት ጊዜም እቃው 3.6 ነበር፣ ገና አልታወቀበትም እንጂ።

ስለዚህ በዚህኛው ዙር ቁጭ ብዬ ሦስቱንም ከፈትኳቸው። ኮከቡን ስትነኩት ከስር አምስት ባር ይወጣል አይደል፣ ስንት ሰው 5 ሰጠ፣ ስንት ሰው 1 ሰጠ የሚለው፣ እሱን ጻፍኩት። ለሂሳብ እንዲመቸን ትንሽ አጠጋግቻቸዋለሁ፦

አንደኛው፦ 6 ሪቪው፣ ስድስቱም 5 ኮከብ። አማካይ 5.0።

ሁለተኛው፦ 200 ሪቪው። 5 ኮከብ 164፣ 4 ኮከብ 10፣ 3 ኮከብ 2፣ 2 ኮከብ 4፣ 1 ኮከብ 20። አማካይ 4.47፣ ገጹ ላይ 4.5 ይላል።

ሦስተኛው፦ 900 ሪቪው። 5 ኮከብ 450፣ 4 ኮከብ 360፣ 3 ኮከብ 63፣ 2 ኮከብ 18፣ 1 ኮከብ 9። አማካይ 4.36፣ ገጹ ላይ 4.4 ይላል።

እስቲ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ብቻ ደግማችሁ እዩአቸው። በኮከብ የሚለያዩት በ0.1 ነው። ግን ሁለተኛው ላይ ከመቶ ሰው 12ቱ 1 ወይም 2 ኮከብ ሰጥተዋል፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ከመቶ 3ቱ ብቻ። አራት እጥፍ ማለት ነው፣ እና የሚገርመው አማካዩ የሚያስቀድመው ያንን አራት እጥፍ ሰው ያዘነበትን እቃ ነው። ለምን ካላችሁ ሦስተኛው ላይ ብዙ ሰው "ጥሩ ነው ግን" ብሎ 4 ሰጥቶታል፣ ሁለተኛው ላይ ደግሞ ሰው ወይ 5 ነው ወይ 1 ነው፣ መሀል የለም። አማካይ ሁሉንም ደምሮ ያካፍላል እንጂ ያዘነውን ሰው ለይቶ አይቆጥርም።

መጀመሪያ ብዛቱ

ከ5.0 እንጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ስድስት ሰው ሁሉም 5 ሰጡ፣ ጥሩ። አሁን ሰባተኛ ሰው መጥቶ 1 ኮከብ ቢሰጥ ምን ይሆናል? 31 ለ7፣ 4.43። በአንድ ሰው ብቻ ከ5.0 ወደ 4.4 ወረደ። ያው ሰው ሄዶ ሦስተኛው ላይ 1 ኮከብ ቢሰጥስ? 3925 ለ901፣ አሁንም 4.36፣ ምንም አልተነቃነቀም። አንድ ሰው የሚገለብጠው ቁጥር ላይ ተመስርታችሁ ብር አታውጡ ነው የምለው።

ሌላም መንገድ አለ፣ እኔን በጣም ያሳመነኝ እሱ ነው። አንደኛው እቃ በእውነት ልክ እንደ ሁለተኛው ነው እንበል፣ ከመቶ 12ቱን የሚያሳዝን። ስድስት ሰው ገዝቶት ስድስቱም ሳያዝኑ የመቅረት እድሉ ስንት ነው? 0.88ን ስድስት ጊዜ በራሱ ስታባዙት 0.46 ይመጣል። ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው! ከአስር ሰው ሦስቱን የሚያሳዝን መጥፎ እቃ እንኳን ቢሆን 0.7ን ስድስት ጊዜ ስታባዙ 0.12 ነው፣ ማለትም እንደዛ አይነት መጥፎ እቃዎች ከስምንቱ አንዱ ገና ስድስት ሪቪው ላይ እያለ ንጹህ ሆኖ ይታያል። ኦንላይን ላይ ደግሞ በአንድ አይነት እቃ በመቶ የሚቆጠር አማራጭ ስላለ፣ ከኮከብ ወደ ታች ስትደረድሩት ከላይ የሚመጡላችሁ በአብዛኛው እነዚህ እድል የቀናቸው ጥቂት ሪቪው ያላቸው ናቸው። ለዚህ ነው "ከፍተኛ ሬቲንግ" ብላችሁ ስታስደረድሩ የማታውቋቸው 5.0ዎች የሚዥጎደጎዱት።

ብዛቱን ሂሳቡ ውስጥ የማስገቢያው ዘዴ ከባድ አይደለም፣ በስልክ ካልኩሌተር ይሰራል። እያንዳንዱ እቃ ላይ የማታውቁት 20 ሰው "መካከለኛ ነው" ብሎ እንደሰጠ አድርጋችሁ ትጨምሩበታላችሁ። መካከለኛ ስንት ነው ካላችሁ እዛው ገጽ ላይ ተመሳሳይ እቃዎችን 15 ወይም 20 ያህል አይታችሁ ኮከባቸው በብዛት የት ጋ እንደሚውል ገምቱ፣ እኔ ባየሁት ገጽ ፓወር ባንኮቹ 4.1 አካባቢ ነበሩ። ከዛ፦

```
(20 × 4.1 + የኮከቦቹ ድምር) ÷ (20 + የሪቪው ብዛት)
```

አንደኛው፦ 82 ሲደመር 30፣ ለ26፣ 4.31። ሁለተኛው፦ 82 ሲደመር 894፣ ለ220፣ 4.44። ሦስተኛው፦ 82 ሲደመር 3924፣ ለ920፣ 4.35። አያችሁ፣ 5.0 የነበረው መጨረሻ ሆነ። መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ እስካሁን ያሳየን ማስረጃ ይሄን ያህል ብቻ ነው የሚገባው ማለት ነው። አይኤምዲቢ ምርጥ 250 ፊልሞች ብሎ ሲደረድር የሚጠቀመው ሀሳብ ይሄው ነው፣ እዛ ሚሊዮኖች ስለሚመርጡ የሚጨምሩት ከ20 በጣም የበለጠ ነው እንጂ።

20 ለምን አልኩ? እንደ አዋጅ አትያዙት። በ20 ፋንታ 10 ብታደርጉት አንደኛውና ሁለተኛው ከሞላ ጎደል እኩል ይሆናሉ፣ 4.44 እና 4.45። ቁጥሩን ብትቀይሩት ባትቀይሩት ብዙ ሪቪው ያላቸውን ብዙ አይነካቸውም፣ ጥቂት ያላቸውን ግን በጣም ያንቀሳቅሳቸዋል። ይሄ ራሱ መልስ ነው፦ የጨመራችሁት ቁጥር በተቀየረ ቁጥር ደረጃው የሚቀያየር እቃ ካለ፣ እሱ ላይ ገና በቂ አልታወቀም።

ስንት ሪቪው ይበቃል ለሚለው፣ የአማካዩ መወላወል በአራት እጥፍ ሪቪው ነው በግማሽ የሚቀንሰው። ሁለተኛው 200 ሪቪው ኖሮት እንኳን፣ ሰዉ 5 እና 1 ላይ ስለተከፈለ አማካዩ ወደ ላይም ወደ ታችም 0.2 ያህል ሊዋልል ይችላል። ሦስተኛው ከ0.05 አይበልጥም። ስለዚህ 4.5 እና 4.4 የሚለውን ልዩነት እንደሌለ ቁጠሩት፣ እውነተኛው ልዩነት ያለው ባሮቹ ላይ ነው።

ከዛ ስርጭቱ፣ ዋናው ይሄ ነው

እላይ ያለችው ሂሳብ ብዛቱን ታስተካክላለች እንጂ ስርጭቱን አታይም፣ አይታችሁ ከሆነ ሁለተኛውን ነው ያስቀደመችው። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው "አማካዩን አስተካከልኩ" ብሎ የሚያቆመው።

ባሮቹን ስታዩ መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ነገር፣ ኦንላይን ሪቪው ላይ 5 ረጅም፣ 4 አጠር ያለ፣ መሀሉ ባዶ፣ 1 ላይ ደግሞ እንደገና ትንሽ ብቅ የሚል ቅርጽ በጣም የተለመደ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ሪቪው የሚጽፈው ማነው የሚለው ነው። በጣም የተደሰተ ይጽፋል፣ በጣም የተናደደ ይጽፋል፣ "እ... ይሰራል" የሚለው ሰው ግን ስልኩን አስቀምጦ ወደ ስራው ይሄዳል። ከዚያ በፊት ደግሞ እቃውን ሊወደው ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው ነው መጀመሪያውኑ የሚገዛው። ስለዚህ 1 ኮከብ ላይ ብቅ ያለ ነገር ስላያችሁ ብቻ አትደንግጡ፣ የሚጠየቀው እዛው ገጽ ላይ ካሉት ተመሳሳይ እቃዎች አንጻር ይበዛል ወይ ነው። እኔ ያየኋቸው ፓወር ባንኮች 1 ኮከባቸው ከ3 እስከ 6 በመቶ አካባቢ ነበር፣ የሁለተኛው ግን 10 በመቶ ነው። እሱ ነው ያስቆመኝ።

ቀጥሎ የእቃው አይነት ይወስናል። ፊልም፣ መጽሐፍ፣ ሽቶ፣ የጨዋታ አፕ ምናምን ላይ ሰው ለሁለት ቢከፈል የጣዕም ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ 5 የሰጡትንና 1 የሰጡትን ሦስት ሦስት አንብባችሁ እኔ የየትኞቹ ሰው ነኝ ብላችሁ ትወስናላችሁ፣ እንደውም እንደዛ የተከፈለ ነገር ለእናንተ ከ"ሁሉም ወደደው" ይበልጥ ሊሆንላችሁ ይችላል። ቻርጀር፣ ፓወር ባንክ፣ ሀርድ ዲስክ፣ ባትሪ ላይ ግን ጣዕም የለም። ወይ ይሰራል ወይ አይሰራም። እንደዚህ አይነት እቃ ለሁለት ከተከፈለ በአብዛኛው ከሳጥኑ የሚወጣው አንድ አይነት አይደለም ማለት ነው፣ አንዳንዱ ደህና አንዳንዱ ብልሹ፣ እና የትኛው እንደሚደርሳችሁ አታውቁም።

1 ኮከቦቹን ሳታነቡ አትወስኑ

ፊልተሩ ላይ 1 ኮከብ ብቻ ብላችሁ ሁሉንም አንብቡ፣ ብዙ ከሆነ 20 ይበቃል፣ እያነበባችሁ ደግሞ በምክንያት ለዩአቸው። እኔ ወረቀት ላይ ነው የማሰምረው።

የሁለተኛው 20 ሰዎች፦ 13ቱ ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ መሙላት አቆመ ይላሉ፣ 4ቱ ዴሊቨሪ ዘገየብኝ ነው፣ 3ቱ ኬብሉ ከሳጥኑ ውስጥ የለም። የሦስተኛው 9 ሰዎች፦ 5ቱ ዴሊቨሪ፣ 2ቱ ከበደኝ፣ 2ቱ ብቻ መስራት አቆመ። ዴሊቨሪውን የእቃው ጥፋት አድርጌ አልቆጥረውም፣ ስለዚህ በእውነት መበላሸቱን ብቻ ስናይ ሁለተኛው 13 ከ200 ነው፣ 6.5 በመቶ፣ ሦስተኛው 2 ከ900፣ 0.2 በመቶ። በኮከብ 0.1 የተለያዩ እቃዎች በመበላሸት 30 እጥፍ ተለያዩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ፣ በጣም ጥቂት ሰው ነው የሚያየው፣ ቀኑ። የሁለተኛውን 5 ኮከቦች 40 ያህል ከፍቼ አነበብኩ፣ 31ዱ እቃው በደረሰ በሳምንት ውስጥ የተጻፉ ናቸው፣ "ዛሬ ደረሰኝ"፣ "ማሸጊያው ያምራል"፣ "በፍጥነት ይሞላል" የሚሉ። የሚሞተው ደግሞ በሁለተኛና በሦስተኛ ወር ነው። እንግዲህ አስቡት፣ በመጀመሪያው ሳምንት 5 ሰጥቶ በሦስተኛው ወር የተበላሸበት ሰው ስንቱ ነው ተመልሶ ገብቶ 5ቱን ወደ 1 የሚቀይረው? ጥቂቱ። ስለዚህ 6.5 በመቶው ራሱ ትንሹ ግምት ነው፣ ከ5 ኮከቦቹ ውስጥ ዛሬ የሞተ ፓወር ባንክ መሳቢያ ውስጥ ያላቸው አሉ። ቶሎ ሊበላሽ የሚችል እቃ ሪቪው ስታነቡ "ስድስት ወር ተጠቀምኩበት" የሚሉትን ፈልጉ፣ አንዱ ከአስሩ "ዛሬ ደረሰኝ" ይበልጣል። ሦስተኛው ላይ እንደዛ የሚሉ ብዙ አገኘሁ፣ ከነሱም አብዛኞቹ 4 የሰጡት ናቸው።

4 ኮከቦቹን ማንበብ የምወደውም ለዚህ ነው። 4 የሰጠ ሰው እቃውን ወዶታል ግን አንድ ነገር ጎድሎታል፣ ያንን ነገር ደግሞ ይነግራችኋል። የሦስተኛው 4 ኮከቦች ደጋግመው የሚሉት ሁለት ነገር ነው፦ ከበድ ይላል፣ ራሱን ለመሙላት ሌሊቱን ሙሉ ይፈልጋል። ይሄን አውቄ ነው የምገዛው፣ በኋላ አያስደነግጠኝም። የሁለተኛው ችግር ግን የማይታወቅ ነው፣ ወይ ይደርስባችኋል ወይ አይደርስም።

አሮጌና አዲስ ሪቪውንም ለዩ። "አዲሶቹ" በሚለው አስደርድራችሁ የመጨረሻዎቹን 30 ቁጠሩ። ሁለተኛው ላይ ከመጨረሻዎቹ 30 ውስጥ 9ኙ 1 ወይም 2 ኮከብ ነበሩ፣ ጠቅላላው 12 በመቶ ሲሆን አዲሱ 30 በመቶ ማለት ነው፣ ምናልባት ፋብሪካው ውስጡን ቀይሮት ይሆናል፣ ብቻ እየባሰበት ነው። ሦስተኛው ላይ 2 ብቻ ናቸው። የድሮ ጥሩ ስም አዲሱን ብልሽት ለረጅም ጊዜ ይሸፍነዋል፣ ጎግል ፕሌይ በ2019 የአፖችን ሬቲንግ ለአዳዲሶቹ ሪቪዎች ክብደት ሰጥቶ ማስላት የጀመረው አፕ አፕዴት ሲደረግ የድሮው ኮከብ የአሁኑን ስለማያሳይ ነው። አማዞንም የሚያሳየው ኮከብ ተራ አማካይ እንዳልሆነና የሪቪውን ጊዜና ግዢው መረጋገጡን ጭምር እንደሚያይ ይናገራል፣ ስለዚህ ከባሮቹ አስልታችሁ ትንሽ የተለየ ቁጥር ቢመጣላችሁ ሂሳብ ተሳስታችሁ አይደለም። ሁሉም ድረ ገጽ ግን እንደዛ አያደርግም።

የተገዛ ሪቪው ለሚለው፣ በቀላሉ የሚታየው ቀኑ ላይ ነው። ለወራት በሳምንት አንድ ሁለት ይገባ የነበረ እቃ በሦስት ቀን 40 አምስት ኮከብ ካገኘ፣ ሁሉም ደግሞ አጭር አጭር ከሆኑ፣ እነሱን አውጥታችሁ ቀሪውን ቁጠሩ። ሌላው ደግሞ የቆዩት ሪቪዎች ስለሌላ እቃ የሚያወሩ ከሆነ ነው፣ የፓወር ባንክ ገጽ ላይ ስለ ስልክ ሽፋን የሚያወራ ሪቪው ካገኛችሁ ሻጩ የድሮ ገጹን እቃ ቀይሮበታል ማለት ነው፣ የሪቪው ብዛቱ የዚህ እቃ አይደለም። እንደዛ ያየሁትን እኔ ወዲያው ነው የምተወው።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ፦ የአንዱን ድረ ገጽ ኮከብ ከሌላው ጋር አታወዳድሩ። ቤት በሚከራይባቸው ድረ ገጾች ላይ እንግዳና አከራይ እርስ በርስ ስለሚመዛዘኑ ሰው ዝቅ አድርጎ መስጠት ይከብደዋል፣ በ2015 ኤርቢኤንቢ ላይ የተሰራ ጥናት 95 በመቶ ያህሉ ቤት አማካዩ 4.5 ወይም 5 ሆኖ ነው ያገኘው። እዛ 4.4 ማለት ወደ ታች ያለ ነው፣ ፓወር ባንክ ላይ ግን ደህና ነው።

ታዲያ የትኛውን?

እንደ አጠቃቀማችሁ ነው የሚለያየው። ለጉዞ፣ ለስራ፣ ተበላሽቶ ቢገኝ ችግር ውስጥ ለሚከት ነገር ሦስተኛውን ነው የምመርጠው፣ አማካዩ ከሦስቱ ዝቅ ያለው እሱ ቢሆንም። ቀላልና ትንሽ ነገር ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ የእሱ ክብደት ያስቸግራችኋል፣ ግን መፍትሄው ሁለተኛው አይደለም፣ ቀለል ያለ ሌላ ፈልጋችሁ በዚሁ መንገድ መዝኑት። ሁለተኛውን የምገዛበት ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፣ ለስድስት ወር ያለ ጥያቄ የሚቀየር ዋስትና ካለው፣ እሱም መመለሻው እኔ ላይ ወጪ ከሌለው። አንደኛው ደግሞ በቀላሉ የሚመለስ ከሆነና ለመሞከር ለሚፈልግ ሰው መጥፎ አይደለም፣ ማንም ካልገዛው ሪቪውም አይበዛም፣ ግን ሌላ መጠባበቂያ ኖሯችሁ ይሁን።

እኔ ሦስተኛውን ገዛሁ። ከባድ ነው፣ እንዳሉት፣ ማታ ሰክቼው እተኛለሁ ጠዋት ሞልቶ አገኘዋለሁ። አንደኛውን ግን ሴቭ አድርጌዋለሁ፣ ሪቪው 50 ሲያልፍ ተመልሼ 1 ኮከቦቹን ላነብለት።